ቀኝ እጄን ማን ሠራው?

«ግራ እጅ ይዘነው የተወለድነው ነው። ቀኝ እጅ ራሳችን የሠራነው ነው። ልጃችሁን አምጡልኝ፤ ሁለቱን አስተያይቼ ተሰጥኦውን እየተጠቀመበት ይሁን እያባከነው እነግራችኋለሁ።»

ቅዳሜ በሬዲዮ እንዲህ ያለውን መዳፍ አንባቢ እንግዳ ግማሽ ሐዋሳ ሰምቶታል። አዘጋጁ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቀው «ይገርማል!» እያለ ሸኘው። መዳፍ ማየት ለጨዋታ ከሆነ ምን ገዶኝ። የሰው ልጅን «አባካኝ» ብሎ ለመፈረጅ ሲሆን ግን ዝም አልልም።

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ እያለሁ መምህራችን ጣቴን በማስመሪያ እየመታ እርሳሱን ወደ ቀኝ አዛወረው። ዛሬ የምጽፈው በቀኝ ነው። የምጎርሰውም በቀኝ ነው፤ በእናቴ ቤት በግራ መጉረስ የሚታሰብ አልነበረም። ሽንኩርት የምከትፈው፣ ሚስማር የምመታው፣ ድንጋይ የምወረውረው ግን በግራ ነው። እንግዲህ «የሠራሁት» እጅ የቱ ነው?

ሐይቁ ዳር ለተቀመጠ አንድ መዳፍ አንባቢ እጄን ሰጥቼው አውቃለሁ። መጀመሪያ ምንም አልነገርኩትም። ግራ መዳፌን ዘርግቶ የአእምሮ መስመሬን በጥፍሩ ተከተለ። ከአውራ ጣትና ከሌባ ጣት መሃል ተነስቶ መዳፉን የሚያቋርጠውን ማለቴ ነው። «ረጅም ነው፤ ሳይቆረጥ ሄዷል። ትልቅ ጭንቅላት ይዘህ ተወልደሃል» አለኝ። ቀኙን አየ። እዚያ መስመሩ አጭር ነው፤ መካከለኛው ጣቴ ሥር ሲደርስ ይሰነጠቃል። ፊቱ ጠቆረ። «አይ ወንድሜ፣ አልሠራህበትም።»

ያኔ ግራኝ መሆኔን ነገርኩት። ቅንጣት አልደነገጠም። «እንዲህ በለኝ እንጂ! ለግራኝ ይገለበጣል። የተወለድክበት ቀኙ ነው። ከትንሽ ተነስተህ ትልቅ ቦታ ደርሰሃል።» በአንድ ደቂቃ ከአባካኝነት ወደ ጀግንነት። መስመሮቼ ግን ንቅንቅ አላሉም።

መገልበጡን ከኪሱ አላወጣውም፤ የሙያው ደንብ ነው። አዘውትረህ የምትሠራበት እጅ «የሠራኸው» ይባላል፤ ሌላው «የተሰጠህ»። ማስመሪያ ቀኝ ያደረገውን ሰው ደንቡ የት ይክተተው? ደግሞስ ቀኙ ካማረ «አደግህ»፣ ግራው ካማረ «አባከንክ»፣ ሁለቱ ከተመሳሰሉ «በተሰጠህ ልክ ኖርክ» ነው መልሱ። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ተብሎ ይሳሳታል? መሳሳቻ በር እኮ አላስቀረም።

መዳፍ ማንበብን «የአባቶች ጥበብ ነው» ማለትማ ያስቃል። ያቺን የግራና የቀኝ አባባል ያስፋፋት ኪሮ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው አየርላንዳዊው ዊሊያም ጆን ዋርነር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የለንደንን ሀብታሞች እጅ ሲያይ የነበረ ሰው። የህንድ መዳፍ አንባቢዎች ደግሞ በልማድ የወንድን ቀኝ፣ የሴትን ግራ ነው የሚያዩት። የትኞቹ አባቶች ናቸው ታዲያ?

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የመዳፍ ዋና ዋና መስመሮች የሚሠሩት ማሕፀን ውስጥ ነው፤ በሦስተኛው ወር ገደማ። እጅጌ ክርን ላይ እንደሚሸበሸበው፣ እነሱም ቆዳው የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ቀኙም ግራውም እዚያው፣ በዚያው ጊዜ ነው የሚወጡት። ሁለቱ ትንሽ መለያየታቸውም ከዚያው ይጀምራል። የእህቴን ልጅ በተወለደች በሦስተኛ ቀኗ ጭብጧን ቀስ ብዬ ፈልቅቄ አየሁት። በግራዋ የአእምሮ መስመሩ ከዕድሜ መስመሩ ጋር ተጣብቆ ይነሳል። በቀኟ ተላቆ ነው። ለመዳፍ አንባቢ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የተጣበቀው ጥንቁቅ፣ የተላቀቀው ደፋር ነው ይላሉ። ሕፃኗ በሦስት ቀን ውስጥ በቀኟ ምን ሠርታ ደፋር ሆነች? ጡት ጠብታ?

እንግዳው «ቀኝ እጅን ሥራ ይቀርጸዋል» ብሏል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይውረድና ዓሣ የሚገፍፉትን ልጆች ይይ። ቢላዋው በቀኝ ነው፤ ሙልጭልጭ የሚለው ቆሮሶ በግራ። ምን ያህል እንደሚጫን፣ ቢላዋው ሲጠጋ መቼ ጣቱን እንደሚሰበስብ የሚያውቀው ግራው ነው። አንደኛው ልጅ አሳየኝ፤ መዳፉ ደንድኗል፣ አውራ ጣቱ ላይ ሦስት የቢላዋ ጠባሳ አለ። አዲስ የዕድል መስመር ግን አላበቀለም። ዕድሜና ድርቀት መስመር እንደሚያጎሉ፣ ጥቃቅን ሽብሽብ እንደሚጨምሩ አልክድም። እንግዳችን ግን ያን ሥራ የበላው ግራ እጅ «እንዲሁ ይዞት የተወለደው» ብሎ ሊያልፈው ነው።

የሐይቁ ዳር ሰውዬ መቶ ብር አስከፈለኝ። ብሩን ስሰጠው ግራ ቀኝ አላለም፤ እንደ ጨዋ ሰው በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።