አጠራቅሙ ያላችሁን ውሃ ከየት እናምጣው?

«ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ፦ ነገ ቅዳሜ የውሃ ታንከር እጥበት ስለሚካሄድ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ቀኑ 8፡00 ሰዓት ውሃ የማይኖር መሆኑን አውቃችሁ በቂ ውሃ እንድታጠራቅሙ እናሳስባለን።»

ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። የተለጠፈው ግን ዓርብ ማታ ነው።

ታንከር ለምን ይታጠባል የሚል ሰው የለንም። ይታጠብ! እንዲያውም ዘግይቷል። የሚያንገበግበኝ ቀኑ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ መሆኑን አስተዳዳሪው ከእኛ በላይ ያውቃል። ተራችን ማክሰኞ ሌሊትና ሐሙስ ሌሊት ነው። ዓርብ ማታ የመንገዱ መስመር ጠብ አይልም። እንግዲህ «አጠራቅሙ» ሲባል የሚቀዳው ከዚያው ሊታጠብ ከተቃረበው ታንከር ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ቀድሞ ያነበበ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ሳፋውን ሁሉ ሞላ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ሆነ። አምሽቶ ከሥራ የገባ ሰው ቧንቧ ሲከፍት አየር ብቻ አገኘ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ደግሞ ስለ ማስታወቂያው የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቤት ብዙም አይወጡም፣ በራቸውን አንኳኩቶ የነገራቸውም የለም።

ከዚህ የባሰው የቀረው ውሃ ነገር ነው። ምድር ቤት ያለው ታንከር 20,000 ሊትር ይይዛል። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሲሶው ያህል ነበረው። ያ ማለት ከ300 ጀሪካን በላይ ውሃ ነው። ታንከር ውሃ እያለበት ስለማይታጠብ ሁሉም ወደ ቦይ ተለቀቀ። የሚቀጥለው ተራችን ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ስድስት ሰዓት የተባለው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሦስት ቀን በላይ ሆነ! በመጨረሻ ቦቴ ተጠርቶ ውሃ ተገዛ። ሂሳቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ለማናችንም አልጠፋንም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ታንከሩ በራሱ ጊዜ ሊያልቅ ይቃረባል፣ የሚደፋው ጥቂት ነው። ቀን ይታጠባል፣ ሌሊት ንጹህ ውሃ ይገባል። ማስታወቂያው ሐሙስ ቢለጠፍ ደግሞ ሁሉም ሰው በዚያው የሐሙስ ሌሊት ውሃ ዕቃውን ይሞላ ነበር።

ሰዓቱም ቢሆን ልክ አይደለም። የአስተዳዳሪው 8 ሰዓት አጣቢዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው የሚወጡበት ነው። የነዋሪው ሰዓት ግን ውሃው ቧንቧው ላይ ሲደርስ ነው። ይሄንን መገመት ከባድ አይደለም። በፈረቃው ቀን ታንከሩ አፍ ላይ 20 ሊትር ባልዲ አስቀምጦ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ማየት ይበቃል። በ30 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 2,400 ሊትር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ 20,000 ሊትሩ ለመሙላት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ጣሪያው ላይ ለማውጣት ደግሞ ፓምፕ አለ፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ከሄደ ውሃው ምድር ቤት ተኝቶ ይጠብቃል። ታዲያ «እስከ 8 ሰዓት» ከማለት «እጥበቱ 8 ሰዓት ያልቃል፣ ውሃ እናንተ ጋ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ስለ አስተጣጠቡም አንድም ቃል አልተጻፈም። ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «በመጥረጊያ ተፍቆ ይታጠባል» የሚል ነው። መፈቅፈቅ ደለሉንና አረንጓዴውን ያነሳል፣ ጀርሙን ግን አይገድልም። ለእኛ ዓይነት ውሃ ለሚያጥረው ሰፈር የሚሆን ዘዴ ደግሞ አለ። ታንከሩን ሙሉ በክሎሪን ውሃ መሙላት የግድ አይደለም። ተፍቆ ከታጠበ በኋላ ግድግዳውንና ወለሉን በጠንካራ የክሎሪን ውሃ መቀባት፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ማለቅለቅ ነው። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ20 ሊትር ባልዲ አንድ ሲኒ ያህል፣ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና መሆን አለበት። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ታንከር ውስጥ ገብቶ የሚያጥብ ሰውም ብቻውን አይገባም። ክዳኑ ተከፍቶ ይቆያል፣ አፉ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ቅዳሜ ዕለት ግን አንድ ወጣት ብቻውን ውስጥ ሆኖ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ነገር ቢሆን ማን ያወጣው ነበር?

«በቂ ውሃ» ማለትስ ስንት ነው? አራት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በቀን አንድ ጀሪካን ያስፈልገዋል። ይሄኛው ለብቻው ይቀመጥ፣ አፈ ጠባብ ይሁን፣ ይከደን። ኩባያ እየነከሩ ሳይሆን እየቀዱ መጠጣት ነው። ባዶውን ጀሪካን ወደ ብርሃን አዙሩና ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን ነካ አድርጉት። የሚያሙለጨልጭ ነገር ካለ በጥቂት ጠጠርና በሳሙና ውሃ ነቅንቃችሁ እጠቡት፣ አለበለዚያ ንጹሁን ውሃ ራሳችሁ ታቆሽሹታላችሁ። ለሽንት ቤት የሚሆነው በባልዲም በበርሜልም ቢሆን ችግር የለውም። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ግን ባልዲው ክዳን ይኑረው።

ሌላው ያልተጻፈው የቧንቧው ነገር ነው። ውሃ ሲጠፋ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይሞክራል፣ ምንም ሲያጣ ሳይዘጋው ይወጣል። ማክሰኞ ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ሰው በሌለበት ቤት ውሃው ሲመጣ ሳህን ማጠቢያው ሞልቶ ፈሰሰ። የታችኛው ቤት ኮርኒስ ራሰ፣ ፍራሻቸውም አብሮ ተበላሸ። ማስታወቂያው ላይ «ቧንቧ ዘግታችሁ ውጡ፣ ቦይለር አጥፉ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምን ነበረበት? ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ደፍርሶ እንደሚመጣ፣ እስኪጠራ፣ በረኪና ከተጨመረበትም ሽታው እስኪለቅ ለሽንት ቤት እያጠራቀሙ ማፍሰስ እንደሚገባም ሊነገረን ይገባ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ማሽን በዚያ ውሃ የከፈተ ሰው ነጭ ልብሱ ቡናማ ሆኖ ወጥቶለታል።

እሁድ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሮቶው ታጥቧል፣ አልክድም። ክዳኑ ግን እንደተሰነጠቀ ነው። በስንጥቁ ዙሪያ የእርግብ ኩስ ደርቋል፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚታጠበው ወደ ውስጥ ነው። ለእጥበቱ ተብሎ ከእያንዳንዱ ቤት ብር ተሰብስቧል። ለክዳን አልተረፈም?

የምንጠይቀው ይሄን ነው። ክዳኑ በዚህ ሳምንት ይቀየር። የሚቀጥለው እጥበት በማክሰኞ ቀን ይሁን፣ ማስታወቂያው ከሐሙስ በፊት ይለጠፍ። ጥበቃው ሽማግሌና ሕፃን ያለበትን ቤት እያንኳኳ ይንገር። ቅዳሜ ለተገዛው የቦቴ ውሃ ደግሞ እኛ እንድንከፍል እንዳትጠይቁን።