ለአባባ፦ ቀይዋን አይንኩ

ከአባባ ጋር የምናደርገው የቪዲዮ ጥሪ በየመሃሉ መቆሙ እህቴን አሰልችቷት ኖሮ፣ ሰሞኑን ከቨርጂኒያ «እንዴት እንደሚመልሱት ደረጃ በደረጃ ጽፈህ ላክላቸው» የሚል መልእክት ሰደደችልኝ። አባባ የሚኖሩት እርሷ ቤት ነው። እርሷ ፎቁ ላይ፣ እርሳቸው ቤዝመንቱ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ የእንጨት መወጣጫ ብቻ ነው። እኔ የምኖረው ደሴ፣ ሙጋድ ሲሆን ከእርሳቸው የሚለየኝ ቀይ ባሕርና አትላንቲክ ነው። ደረጃ በደረጃ ማስረዳት የሚቀናው ደረጃውን ወርዶ ስልኩን በእጁ መያዝ ለሚችል ሰው ይመስለኝ ነበር፤ በእኛ ቤት ሥርዓት ግን የቅርቡ ያዝዛል፣ የሩቁ ይሠራል።

ሥራውን የሚያከብደው አባባ ለብልሽት ሁሉ የሰጡት ስም አንድ መሆኑ ነው፤ «ቆመ»። ምስሉ ደርቆ ድምፁ ሲሰማ ቆመ ነው። ድምፁም ምስሉም ሲጠፋ ቆመ ነው። እርሳቸው እኔን እያዩኝ እኔ የቤዝመንቱን ጣሪያ ብቻ ስመለከትም ያው ቆመ ነው። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሰዋል። ስለዚህ መልእክቱን የጀመርኩት ከመለየቱ ነው። እርግጥ ከዚያ በፊት የሰላምታ ክፍል ነበረው፤ የጎረቤት፣ የዘመድና የዝናቡ ሁኔታ በየተራው ካልተነገረ አባባ ወረቀቱን የክስ መጥሪያ ነው ብለው ወደ ጎን ያኖሩታል።

«አባባ፣ ቆመ ከማለትዎ በፊት ድምፄ ይሰማዎት እንደሆነ ያረጋግጡልኝ። ድምፄ እየተሰማ ምስሌ ብቻ ከደረቀ ጥሪው አልተቋረጠም። መስመሩ ሲደክም ስልኩ ድምፁን ለማትረፍ ሲል ምስሉን ይተወዋል፤ ምስል ብዙ ዳታ ይበላል፣ ድምፅ ግን በጥቂቱ ይኖራል። ስለዚህ መስታወቱን አንድ ጊዜ ነካ ያድርጉት፤ የተደበቁት ምልክቶች ብቅ ይላሉ። ከእነርሱ መካከል የቪዲዮ ካሜራ ሥዕል ያለባትን ነክተው የራስዎን ምስል ያጥፉና በድምፅ እንጨዋወት። ጥቂት ቆይተው መልሰው ይንኳት። ቀይዋን ግን አይንኩ፤ ቀይዋ ጥሪውን የምትዘጋው ናት።»

ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አባባ እንደማይቀበሏት ሳልጽፋትም አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ መካኒክነት ነው፤ ማሽን ቆሞ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው በእርሳቸው ዓይን ከሰው አይቆጠርም። በልጅነታችን ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ጎኑን በመዳፋቸው ይመቱት ነበር፣ ሬዲዮውም ለነገሩ ይታዘዛቸው ነበር። የሚገርመው ግን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት በየዕለቱ ያስቆጠሩን እኚሁ ሰው መሆናቸው ነው። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ አፍስሶ መልቀሙን ውርደት አድርጎ አያቀርበውም፣ ተጨማሪ ሥራ አድርጎ ብቻ ነው። ቀይዋን መንካትም እንዲሁ ነው፤ በራሱ ሊመለስ የነበረውን ጥሪ ዘግቶ፣ እንደገና ፈልጎ፣ እንደገና ደውሎ፣ እንደገና «እንዴት ሰነበታችሁ» ማለት ነው። ከእኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታው ብቻውን ከአንድ ጥሪ ዕድሜ ይረዝማል።

ቸኩለው የሚዘጉበት ሌላ ምክንያት እንዳላቸውም አልክድም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስልክ ጠፋ፤ እርሳቸው ያኔም ቨርጂኒያ ነበሩ፤ ለሳምንታት የማይመልስ ቁጥር ሲደውሉ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ሰከንድ የደረቀ ምስል ለእርሳቸው የደረቀ ምስል ብቻ አይደለም። ይህን ስለማውቅ ሁለተኛውን ክፍል በጥንቃቄ ነው የጻፍኩት።

«ድምፄም ምስሌም ጠፍቶ ‹Reconnecting› የሚል በአር የሚጀምር ረጅም ቃል ከወጣ፣ ስልኩ መስመሩን እየፈለገ ነው ማለት ነው። ከዋይፋዩ ርቀው ወደ በረንዳ ሲወጡ ወይም በቤቱ ውስጥ ሲዘዋወሩ ስልኩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር ይህ ይደርሳል። አብሽሩ፤ ፋቲሃን በእርጋታ ሁለት ጊዜ እስኪቀሩ ድረስ እጅዎን ያሳርፉ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይመለሳል። ካልተመለሰ ጥሪው ራሱ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ወደ ደረጃው ሥር፣ ዋይፋዩ ወደሚቀርብዎት ይምጡና ይቀመጡ። የምደውለው እኔ ነኝ።»

በፋቲሃ መለካቱ ቀልድ አይደለም። በሰከንድ ቁጠሩ የተባለ ሽማግሌ እየተጣደፈ ይቆጥራል፤ ዱዓ ላይ የተቀመጠ ግን አይጣደፍም። ጎረቤታችን እማማ ካናዳ ላሉት እኅታቸው ይህንኑ መልእክት ወስደው በአቡነ ዘበሰማያት ለውጠውታል፤ ያሰቡት ውጤትም ተገኝቷል።

«የምደውለው እኔ ነኝ» የምትለዋ ግን ከሁሉም በላይ የምታናድደኝ ናት። ጥሪ በተቋረጠ ቁጥር አባባ ይደውላሉ፣ እኔም እደውላለሁ፤ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ተይዘን እንገኛለን። እርሳቸው «ከእኔ ጋር እያወራህ ሌላ ሰው ላይ ትደውላለህ እንዴ?» ብለው ይቀየማሉ። ይህ ሳያንስ እህቴ ከፎቁ «ለምን ተዘጋ?» ብላ ትደውላለች፣ አክስቴ ከሐይቅ ከተማ «ደህና ናቸው ወይ?» ብላ ትደውላለች፤ ሁሉም ስለሚደውል ማንም ማንን አያገኝም። ከሁለት ወገን አንዱ ዝም ማለት አለበት የሚለውን ነገር ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ጀባ እየተባባለ ተስማምቶበት ነበር፤ ስምምነቱ የጸናው ስኒው እስኪነሳ ነው። ደዋዩ እኔ እንድሆን የፈለግሁት መብራትና ኔትወርክ መኖሩን ማረጋገጥ የምችለው ደሴ ያለሁት እኔ በመሆኔ ነው። በዚህም አልተከበርኩም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያመኝ ግን አንድ መካሪ ነው። አባባ በጁምዓ የተዋወቋቸው አንድ ወገን፣ ቪዲዮው ይቆማል ሲባሉ «ዋትስአፑን አጥፍተው እንደ አዲስ ይጫኑት» ብለው ይመክሯቸዋል፤ አባባም ይሰሟቸዋል። ልብ በሉ፤ የአባባ ዋትስአፕ የተመዘገበው በደሴ ቁጥራቸው ነው። እንደ አዲስ ሲጫን የሚጠይቀው ባለ 6 አኃዝ ኮድ የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው፤ ሲሙ ደግሞ እዚህ ሙጋድ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከድሮ ፎቶግራፎች ጋር ተኝቷል። ካገኘሁት በኋላም ከአገልግሎት እንዳልወጣ ማረጋገጥ፣ በሌላ ስልክ መክተትና ኮዱን ጊዜው ሳያልፍበት ለእህቴ ማንበብ ነበረብኝ። እህቴ ሥራ ላይ ናት፤ እስክትደርስ ኮዱ ያረጃል፤ እንደገና ይጠየቃል። በተደጋጋሚ ከተጠየቀ ደግሞ መጠበቂያው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። የድሮው ጽሑፍና የልጅ ልጆች ድምፅ ሁሉ መጠባበቂያ ስላልተያዘለት ጠፋ። ቪዲዮውስ? ቤዝመንቱ ያው ቤዝመንት ስለሆነ፣ በማግስቱም ቆመ። ለደካማ ዋይፋይ አፕሊኬሽን መንቀል ምን ይፈይዳል? እኚያን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ በመልእክቱ ውስጥም «ማንም ሰው አጥፍተህ ጫን ቢልዎት ሻይ ጋብዘው ይሸኙት» የሚል መስመር ጨምሬአለሁ።

መልእክቱን ከመላኬ በፊት አንድ ችግር ታየኝ። አባባ ጥሪው ላይ ሳሉ ምስሉ ቢቆምባቸው መመሪያዬን ለማንበብ ጥሪውን ትተው ወደ ጽሑፉ መግባት አለባቸው። ከጥሪው ገጽ ሲወጡ ደግሞ እኔ ወደ ትንሽ ሣጥን እጠባለሁ፤ በአንዳንድ ስልክም ካሜራው ያርፋል። ከላይ ያለችውን አረንጓዴ መስመር ነክተው መመለስ እንደሚችሉ የተጻፈው ደግሞ በመመሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ስለሆነም ጽሑፉ በወረቀት ተገልብጦ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አደረግሁ፤ ገልባጩም የእህቴ ልጅ ሆነ።

ገልባጩ አማርኛ ፊደል የሚያውቅ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ግን አይወድም። እኔ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ጥሪው ጨርሶ ከተዘጋና እኔም ደውዬ ካልገባልዎት፣ ከላይ ወደ ታች ጣትዎን ጎትተው አውሮፕላኗን ይንኩ፤ እስከ አስር ቆጥረው መልሰው ይንኳት።» ልጁ «መልሰው ይንኳት» የምትለዋን ትርፍ ቃል አድርጎ ተዋት። አባባ በታዘዙት መሠረት አውሮፕላኗን ነኩ፣ እስከ አስር ቆጠሩ፣ ተኙ። አውሮፕላኗ በርታ ስታድር ስልኩ ከማንም ጋር አይገናኝም። እኔ ስጽፍላቸው ከመልእክቴ ሥር አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ቆመች። ምልክቷ አንድ ስትሆን መልእክቱ ከእኔ ወጥቷል፣ እርሳቸው ዘንድ አልደረሰም፤ ሁለት ስትሆን ስልካቸው ገብቷል። እዚህ ሰዓቱ ሲነጋ እዚያ ሌሊት ስለሆነ፣ አክስቴ ከሐይቅ ተነስታ ደሴ እስክትገባ ድረስ ምልክቷ አንድ ነበረች። እህቴ ፎቁ ላይ ተኝታ ነበር። ደረጃውን ወርዶ የስልኩን ጥግ ማየት፣ ከባትሪው አጠገብ የተቀመጠችውን ትንሽ አውሮፕላን ማየት፣ አንድ ጊዜ መንካት፤ ሥራው ይህ ብቻ ነበር። እርሷ ግን ስትነቃ የላከችልኝ «መመሪያህ አልሠራም» የሚል ነው።

ሦስተኛው፣ ጣሪያ የማይበት ጉዳይ፣ በዚህ ሁሉ መካከል ተረስቶ ነበርና ባጭሩ ላስገባው። ክፍሉ እየታየ አባባ ካልታዩ ካሜራው ዞሯል፤ ሁለት ቀስት የከበቡባትን ካሜራ አንድ ጊዜ ይንኩ። ጣሪያው ከታየ ደግሞ ካሜራው ምንም አልሆነም፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈው ያቁሙት፤ ቡና ሲቀርብም ጣሳውን ማንም ከቦታው እንዳያነሳው ለእህቴ ይነገራት።