ፈረሱ አላነከሰም፣ ፍሬሙ ነው ያነከሰው

ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጥር ሠርግ ኤዲት እያደረግሁ ነው። ሠርጉ እንጅባራ አጠገብ ነበር። ሙሽራውን ያጀቡት ፈረሰኞች ሜዳውን ሲያቋርጡ ማየት ነበረባችሁ! ደስታዬ ግን ኮምፒውተሩ ጋ ስደርስ አለቀ።

ድሮኑን ያበረረው ጓደኛዬ «ሲኒማቲክ ይሁን» ብሎ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ቀርጿል። አንዱ ፈረሰኛ ደረት ላይ ያሰርነው አክሽን ካሜራ በ60 ነው። የሙሽሪት እህት ደግሞ በስልኳ፣ ያውም ስልኩን አቁማ፣ በ30። (መሣሪያዎቹ 23.976፣ 29.97፣ 59.94 ብለው ነው የሚጽፉት፤ እኔ ላሳጥረው።) ሦስቱም ተሰብስበው መጡና «በል አስታርቀን» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አልዋሽም። ክሊፖቹ የሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ መጀመሪያ የጣልኩት የድሮኑን ክሊፕ ነው። ፕሮግራሙ «በዚህ ልክ ላስተካክለው?» ሲለኝ ሳላነብ እሺ አልኩ። ታይምላይኑ 24 ሆነ። ሁለት ቀን ስቆርጥ ስቀጥል ከረምኩ። ሙሽራው መጥቶ አየና «ፈረሱ ያነክሳል እንዴ?» አለኝ።

ኧረ ፈረሱስ ደህና ነው። 60ን ለ24 ስታካፍሉት 2.5 ይመጣል። ግማሽ ፍሬም የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ፍሬም እየተራመደ ይመርጣል። ቆመው በሚያወሩ ሰዎች ላይ አይታወቅም፤ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የስልኩማ ይባስ፤ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱ ስለሚጣል በሰከንድ ስድስት ጊዜ እንቅ ይላል። ካላመናችሁ በኪቦርዱ ቀስት አንድ አንድ ፍሬም እየገፋችሁ ኮቴውን ተከተሉት። እርምጃው እኩል አይደለም።

ልቀይረው ብል፣ የምሠራበት ፕሮግራም አንዴ የተሠራን ታይምላይን ፍሬም ሬት ቆልፎ ይይዛል። በ30 አዲስ ከፈትኩና ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። ለምን 30? 60 ለ30 እኩል ይካፈላል፤ አንድ ፍሬም ወስዶ አንድ መዝለል ብቻ ነው። ስልኩም እዚያው ነው። የቀረው ድሮኑ ነው።

የድሮኑን እንዳለ ብተወው ከየአራቱ ፍሬም አንዱ ይደገማል፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ይንገጫገጫል። ስለዚህ የክሊፑ ማስተካከያ ውስጥ፣ Clip Attributes ገብቼ «ይህ ክሊፕ 30 ነው» ብዬ ዋሸሁት። አሥር ሰከንዱ ስምንት ሰከንድ ሆነ፤ ምንም ፍሬም አልተጣለም፣ አልተደገመም። የድሮን ቀረጻ ድምፅ ስለሌለው ማንም አያውቅብኝም። ሜዳውና ፈረሶቹ እንዲያውም አማረባቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ ዳሱ ሲገቡ ግን ዝናብ የሚያሳድዳቸው መሰሉ። እሱን ቆርጬ ጣልኩት፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ «የእህቷን ቪዲዮ ስሎው ሞሽን አድርግልን» ተባለ። እሺ፣ ከየት አምጥቼ? የ60ው በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ እያንዳንዱ ፍሬም ቦታ አለው፤ ጥርት ይላል። የ30ው ሲዘገይ ግን ፕሮግራሙ የሌለ ፍሬም እየፈጠረ ነው የሚሞላው። ሞከርኩት። አራት የነበረው የፈረስ እግር ሲነካካ እየቀለጠ ስድስት ሆነ።

ዋናው ጉድ ግን በስልክ የተቀረጸው ምርቃት ነው። አባት ዳሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ መረቁ። መጀመሪያ ላይ ድምፅና ከንፈር ልክ ናቸው። መጨረሻ ላይ ከንፈራቸው ተዘግቶ ድምፃቸው ገና ይመርቃል! ብዙ ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ፍሬሙን ይቀንሳል፤ ሲያገኝ ይጨምራል። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ከዳር እዳር 30 ነው ብሎ ያጫውተዋል፤ ምስሉ ቀድሞ ያልቃል፣ ድምፁ ይቀራል። ቪዲዮውን MediaInfo በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱት። `Frame rate mode: Variable` ካለ ጉዱ እሱ ነው። ድምፁን እየጎተታችሁ ለማስተካከል አትድከሙ፤ እኔ ግማሽ ቀን ደክሜያለሁ፣ አንዱ ጋ ሲገጥም ሌላው ጋ ይለቃል። ታይምላይኑ ላይ ሳይገባ በፊት ffmpeg በሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም እንዲህ ይቀየር፦

```
ffmpeg -i mirkat.mp4 -vf fps=30000/1001 -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy mirkat_cfr.mp4
```

ይህ ቋሚ 29.97 ያደርገዋል። ድምፁን አይነካም።

ስልኩ ቆሞ ስለቀረጸውስ? ታይምላይኔ 1920 በ1080 ነው። የድሮኑ 4ኬ ስለሆነ እጥፍ ባቀርበው እንኳ አይደበዝዝም። የቆመው የስልክ ቪዲዮ ግን ሙሉ ስክሪን ልሙላው ካልኩ የሚተርፈኝ ከቁመቱ ሲሶ አካባቢ ነው፤ ወይ የሙሽሪት ጥልፍ ይቀራል ወይ ጭንቅላቷ። እንዳለ መሃል አቁሜ ጎንና ጎኑን የራሱን ምስል አደብዝዤ ሞላሁበት። ሙሽራው «ይሄ ጭጋግ ምንድን ነው?» አለ። ዝም አልኩት።

ትናንት ማታ ኤክስፖርት አድርጌ ልተኛ ስል ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ የአጎቴ ልጅ መልሱን የቀረጸው አለ። እሱንም አስገባልን።»

«በስንት ፍሬም ነው የቀረጸው?»

«በአዲሱ ስልኩ ነው።»