ባንኩ ባዶ የተወው ቦታ «ብድር የለም» ማለት አይደለም

«ባንኩ መልሷል፣ ባላንሱም ገጥሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ኦዲት ሲደረግ ከፋይናንስ ክፍል ይቺ ጥያቄ አትቀርም። እኔ በበኩሌ የባንኩ ኮንፈርሜሽን፣ ማለትም ባንኩ ስለ ድርጅቱ ሂሳብና ብድር ለኦዲተሩ የሚጽፈው ማረጋገጫ፣ ከድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ ከሌጀሩ ጋር አንድም ሳይዛነፍ ቀጥታ ከገጠመ ቼክ በብዛት የሚጽፍ ድርጅት ላይ እንዲያውም ትንሽ ይጎረብጠኛል፣ ምክንያቱም ቼክ ዛሬ ተጽፎ ዛሬ አይመነዘርም። ባንኩ የጻፈው ቁጥር መጀመሪያ መግጠም ያለበት ከዚያው ቀን ስቴትመንት ጋር ነው፣ ሌጀሩ ጋር የምንደርሰው የሁለቱን ልዩነት በሚያስታርቀው በሪኮንሲሌሽኑ በኩል ነው።

በቁጥር እንየው። ባንኩ በዓመቱ መጨረሻ ቀን 1,840,000 አለ ብሎ መለሰ፣ ሌጀሩ ደግሞ 1,638,000 ይላል። ያልተመነዘረ ቼክ 260,000 ሲቀነስ፣ ድርጅቱ ያስገባው ግን ባንኩ ገና ያልመዘገበው 45,000 ሲደመር 1,625,000 ይመጣል። የቀረው 13,000 ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሌጀሩ ላይ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ የሚስተካከለው ሌጀሩ ነው። እስከዚህ ሰላም ነው። ግን 260,000ው የእውነት ቼክ መሆኑ የሚታወቀው ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ባለው ስቴትመንት ላይ ሲመነዘር ሲታይ ነው፣ 45,000ውም በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት መግባት አለበት፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ከገባ «በጉዞ ላይ ነበር» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቲክ አድርጎ ይሄዳል። የኔ ቅሬታ እዚህ ነው፣ ፎርሙ ላይ ከታች ብድር፣ ኮላተራልና ጋራንቲ የሚሉት ቦታዎች አሉ፣ ጊዜ መውሰድ ያለበት እነሱ ላይ ነው። የሂሳብ ባላንስ ድርጅቱ ራሱ እንዲታይለት የሚፈልገው ነገር ነው፣ ብድር ግን እንዲረሳለት ሊፈልግ ይችላል።

በዚሁ ምሳሌ ድርጅቱ የዘረዘረው አንድ ብድር ነው፣ 6,000,000፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ ዋናው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ። ባንኩም 6,000,000 ብሎ አረጋገጠ፣ «ሌሎች ብድሮች» የሚለውን ቦታ ግን ባዶ ተወው። ባዶ ነው እንጂ «የለም» አላለም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ሞልቶ የላከው ሰራተኛ እኛ ጽፈን የላክነውን ቁጥር ብቻ አይቶ፣ ወይ የራሱን ቅርንጫፍ ብቻ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። እና ሌጀሩ ላይ የወለድ ወጪው ሲታይ 1,020,000 ነው። የ6,000,000 15 በመቶ 900,000 ነው፣ 120,000 ከየት መጣ? በዚያው ወለድ ቢሰላ የ800,000 ብድር የዓመት ወለድ ነው። ቅጣት ወይም ሌላ ክፍያ ወለድ ውስጥ ተቀላቅሎም ይሆናል፣ ግን ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ ያልተዘረዘረ ብድር አለ ብዬ ነው የምፈልገው።

ኮላተራል የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ባንኩ የ1,000,000 የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ለብድሩ መያዣ ነው ብሎ ጽፏል። ተቀማጩ ሌጀሩ ላይ አለ፣ ቁጥሩም ይገጥማል፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻ የሚያስተያይ ሰው ያልፈዋል። ድርጅቱ ግን እንደልቡ ሊያወጣው አይችልም፣ ሪፖርቱ ላይም እንደ ነጻ ጥሬ ገንዘብ ከቀረበ አንባቢው ይሳሳታል። ለእህት ኩባንያ የተገባ ጋራንቲም እንደዚሁ ነው፣ ሌጀር ላይ ባላንስ ስለሌለው የሚገጥምም የማይገጥምም ነገር የለም፣ የሚገኘው መልሱ እስከ መጨረሻው መስመር ሲነበብ ነው።

ይሄ ሁሉ ደግሞ መልሱ በቀጥታ ከባንኩ ለኦዲተሩ ከመጣ ነው። የጣሊያኑ የወተት ኩባንያ ፓርማላት በ2003 ሲፈርስ 3.95 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ባንክ ውስጥ አለኝ ያለበት ወረቀት ትክክለኛ እንዳልሆነ ባንኩ ራሱ ነው የተናገረው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከመዝገቡ ጋር ይገጥም ነበር እኮ።

ለባዶው ቦታ የማደርገው ቀላል ነው፣ ለባንኩ ዋና መስሪያ ቤት በድጋሚ እጽፋለሁ፣ በዚህ ድርጅት ስም በየትኛውም ቅርንጫፍ ያለ ብድርና ኦቨርድራፍት ይጻፍልኝ፣ ከሌለም «የለም» ተብሎ ይጻፍ ብዬ። የድርጅቱ ኃላፊዎች አትላኩ ካሉ ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 505 ምክንያቱን ጠይቁና አጣሩ ይላል፣ ምክንያቱ አሳማኝ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይሄዳል፣ ያኔ 120,000ዋን የወለድ ልዩነት ይዤ ነው የምገባው።