ሴሚ አውቶማቲክ እና አውቶማቲክ፦ መልሱ ከምላጩ ጀርባ ነው

«ባምፕ ስቶክ የሚባለው ተንሸራታች ሰደፍ የተገጠመለት ጠመንጃ በደቂቃ በመቶ የሚቆጠር ጥይት የሚተፋ ከሆነ፣ መትረየስ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

ሴሚ አውቶማቲክ ነው የሚባለው። ለብዙ ሰው የማይዋጥ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፍጥነቱን ትተን የጠመንጃውን ሆድ ከፍተን እንየው።

የአሜሪካኖቹን ኤአር-15 እንውሰድ። ከምላጩ በላይ በሞላ የተወጠረ መዶሻ አለ። መዶሻው ሁልጊዜ ወደፊት መፈናጠር ይፈልጋል። እንዳይፈናጠር የምትይዘው አንዲት የብረት ጥርስ ናት፤ «ሲር» ይሏታል። ምላጩ ሲሳብ ሲሯ መዶሻውን ትለቃለች። መዶሻው መርፌውን ይመታል፣ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የባሩዱ ጋዝ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። መዝጊያው ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ በዚያው መዶሻውንም ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ተመልሶ ሲመጣ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የተኳሹ ጣት ግን ገና ምላጩን እንደሳበ ነው። ሲሯ ደግሞ ምላጩ እስካልተለቀቀ ድረስ መዶሻውን መልሳ መያዝ አትችልም። ታዲያ መዶሻውን ማን ያዘው?

ሌላ መንጠቆ ነው። ሥራው ይሄ ብቻ ነው፦ ጣት ምላጩ ላይ እያለ የተመለሰውን መዶሻ አንቆ መያዝ። ምላጩ ሲለቀቅ መንጠቆው መዶሻውን ለሲሯ ያስረክባል። ርክክቡ ይሰማል፤ ጣት ላይም ቀጭ ሲል ይታወቃል። ከዚያ በፊት ምላጩን የፈለጉትን ያህል ቢጫኑት ሁለተኛ ጥይት አይወጣም። አንድ ስቦሽ አንድ ጥይት፣ ሴሚ አውቶማቲክ ማለት ይኸው ነው። ሲሯ ወይም መንጠቆው ሲያልቅ ርክክቡ ይበላሻል፤ በአንድ ስቦሽ ሁለት ጥይት ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ያደረገ ጠመንጃ ወዲያው ተራግፎ ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት።

በእውነተኛ አውቶማቲክ ላይ ግን ተጨማሪ ሲር አለች። እሷን የሚያንቀሳቅሳት ጣት ሳይሆን መዝጊያው ነው። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ መዶሻውን ትይዛለች፤ ሲዘጋ ትለቃለች። መጠበቋ ያለምክንያት አይደለም። መዶሻው የመዝጊያውን ኋላ እየተከተለ ቢሄድ መርፌውን በደንብ አይመታም፤ ወይም ጥይቱ በትክክል ሳይቆለፍ ሊፈነዳ ይችላል። ምላጩ እንደተሳበ ከቆየ ዑደቱ ካዝናው እስኪያልቅ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ባምፕ ስቶክ። ይህ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ሰደፍ ነው። ጠመንጃው ሲረግጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ምላጩም ከጣት ይላቀቃል። ተኳሹ በሌላ እጁ ወደፊት ሲገፋው ምላጩ መጥቶ የቆመችውን ጣት ይመታል። ጣቷ ባትንቀሳቀስም ያ የመዶሻ ርክክብ በእያንዳንዱ ጥይት መሃል ይፈጸማል።

እ.አ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ ነፍሰ ገዳዩ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥይት ተኩሶ 60 ሰው ገደለ። የአሜሪካ መንግሥትም ባምፕ ስቶክን መትረየስ ብሎ አገደ። የ1934ቱ የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ግን መትረየስን የሚለየው በፍጥነት አይደለም። «በአንድ የምላጭ ሥራ» ከአንድ በላይ ጥይት በራሱ የሚተኩስ መሆኑን ነው የሚጠይቀው። በሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 እገዳውን ሻረው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ቶማስ የምላጩን፣ የመዶሻውንና የመንጠቆውን ሥዕል ሳይቀር አስገብተውበታል። ዳኛ ሶቶማዮር በበኩላቸው «እንደ ዳክዬ የሚራመድ ዳክዬ ነው» በሚለው አባባል ተቃወሙ።

እኔ ስለ ብረቱ ቶማስ ልክ ናቸው እላለሁ። ባምፕ ስቶክ የጠመንጃውን ሲር አይነካም። የሶቶማዮር ዳክዬ የሞቱትን ሰዎች ያስታውሰናል፤ የጠመንጃውን ሆድ ግን አይቀይረውም። ጥፋቱ ያለው ሕጉን ምላጭ ላይ ብቻ ባሰሩት ዘንድ ነው። ዳኛ አሊቶም መፍትሔው ቀላል ነው፣ ኮንግረሱ ሕጉን ያሻሽል ብለው ጽፈዋል።

እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድ አሳይታለች። በ2018 ያወጣችው ሕግ የመትረየስን ትርጉም አልነካካም። ጠመንጃ ላይ ሲገጠም የተኩሱን ፍጥነት የሚጨምር መሣሪያን ለብቻው ከለከለ፤ ባምፕ ስቶክንም በስሙ ጠራው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የፌዴራሉን እገዳ እንጂ ይህንን አልነካም። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ «ተፈቅዷል» ሲሏችሁ ሰምታችሁ እንዳትገዙ።