ጦጣዋ ቃል ናት

«ኢሞጂ እኮ ሥዕል እንጂ ቃል አይደለም። ኮምፒውተር ሥዕል አይቶ ስድብ ነው አይደለም ብሎ እንዴት ይፈርዳል? ተጫዋቾቹም ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል መከፋት የለባቸውም።»

ባለፈው ሳምንት አንድ የስፖርት ራዲዮ ተንታኝ ኢንተርኔት ላይ በጥቁር ተጫዋቾች ላይ ስለሚወርደው የኢሞጂ ስድብ ሲያወራ እንዲህ ሲል ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። አጠገቤ የተቀመጡት አባት «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ንዴቴን ይዤ ወረድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነውና። ለሥዕል አትከፉ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። የተሸፈነ ስድብ በግልጽ ከተነገረው ይበልጥ ዘልቆ እንደሚያም ሌላ ሰው ሊነግረን አይገባም። የጦጣ ሥዕል ጥቁር ተጫዋች ፎቶ ስር የሚያስቀምጥ ሰው ስለ ዱር አራዊት እያወራ አይደለም። እሱም ያውቀዋል፣ ተጫዋቹም ያውቀዋል፣ ተንታኙም ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ የሆነውን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያስታውሳል። የእንግሊዝ ጥቁር ተጫዋቾች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ፔናሊቲ ሳቱ። ሳካ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የልጆቹ ኢንስታግራም በጦጣና በሙዝ ተሞላ። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ በዚያው ሳምንት ያመነው ነገር አለ። ሪፖርቶችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ቴክኖሎጂያቸው ከእነዚያ ኮሜንቶች አንዳንዶቹን በስህተት ምንም ችግር እንደሌለባቸው ቆጥሯቸው ነበር። እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ «ተሳስተናል» ብሏል። የእኛ ተንታኝ ግን ዛሬም ለእነሱ ጥብቅና ይቆማል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። ኮምፒውተር ሥዕል አያይም። ጦጣዋን ሥዕል አድርጎ የሚያሳየን የስልካችን ስክሪን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ጦጣዋ ቁጥር ብቻ ናት። «ሀ» የሚለው ፊደላችን U+1200 የሚባል ቁጥር አለው። ጦጣዋ ደግሞ U+1F412 ናት። ሁለቱም የተመዘገቡት በዚያው ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው። ፊደል የሚያነብ ማሽን ጦጣዋን ማንበብ የማይችልበት ምንም የተፈጥሮ ምክንያት የለም። የማይችል ከሆነ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ጥሏታል ማለት ነው።

የት እንደምትጣል በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ደጋፊ ነኝ ባይ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ይሄ 🐒 ከቡድኑ ይውጣልን»

ስድብ ፈላጊው ፕሮግራም ይህን ከመመርመሩ በፊት ጽሑፉ «ይጸዳል»። ማጽዳት ማለት ለሥራው አያስፈልጉም የተባሉ ምልክቶችን ማውጣት ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከግዕዝ ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ ጠራርገው ያወጣሉ። የእንግሊዝኛው ፊደል ይወጣል፣ ነጥቡ ይወጣል፣ ኢሞጂውም አብሮ ይወጣል። ከጽዳቱ በኋላ የሚቀረው ይህ ነው፦

«ይሄ ከቡድኑ ይውጣልን»

ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ምን ጥፋት አለበት? ማንኛውም ደጋፊ ስለ ማንኛውም ተጫዋች በየሳምንቱ የሚለው ነው። ፕሮግራሙ «ችግር የለውም» ቢል ከተሰጠው ጽሑፍ አንጻር ትክክል ነው። ዘረኝነቱ ያለው በአንዷ ምልክት ውስጥ ነበር። እሷን ደግሞ እንደ ቆሻሻ ጠርገን ጥለናታል። ከዚያ መልሰን «ማሽን ኢሞጂ አይገባውም» እንላለን። እንዲገባው መቼ ሰጠነው?

ጽዳቱን አልፋ ብትሄድ እንኳ ሌላ በር ይጠብቃታል። ጽሑፍ የሚያነብ ሞዴል የሚያውቃቸው ቃላትና የቃል ቁርጥራጮች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሲመጣበት [UNK] ብሎ ያልፈዋል፤ «የማላውቀው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጉግል የወጣውና ብዙ ስድብ ፈላጊዎች የተሠሩበት በርት የሚባለው ሞዴል ጦጣዋን የሚያየው እንዲሁ ነው። ሙዝም [UNK] ነው። ጦጣና ሙዝ አንድ ሆኑ፤ ሁለቱም ምንም ሆኑ። አንድ ነገር ልጨምር። የዚያው ሞዴል የብዙ ቋንቋዎች ቅጂ ሲወጣ የእኛ ፊደልም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አማርኛችን በሞላ [UNK] ነበር። ታዲያ ያኔ «አማርኛ ቋንቋ አይደለም» ያለ ሰው ነበር? ጉድለቱ የዝርዝሩ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ለጦጣዋ ሲሆን ግን ጥፋቱ የሥዕሏ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙ ሞዴሎች ይህን በር ከፍተውታል። ጽሑፉን እስከ ትንሿ የኮምፒውተር ቁራጭ ድረስ ከፋፍለው ስለሚያነቡ ምንም ነገር «የማላውቀው» ሆኖ አይቀርም። ግን ማየት ሌላ፣ መረዳት ሌላ ነው። ሞዴል የሚማረው ከምሳሌ ነው። ሰዎች «ይሄ ስድብ ነው፣ ይሄ አይደለም» ብለው ምልክት ያደረጉባቸው ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡታል። በእነዚያ ውስጥ ስድቡ ሁሉ በቃል ከተጻፈ ስድብ የቃል ብቻ ይመስለዋል።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተፈትኗል። ያኔ በኦክስፎርድ የኢንተርኔት ጥናት ተቋም የነበረችው ሃና ሮዝ ኪርክና ባልደረቦቿ ከዚያ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ባወጡት ጥናት 3,930 አጫጭር የመፈተኛ ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅተው ነበር። በአንዱ የስድቡን ቃል አውጥተው ኢሞጂ ተኩበት። በሌላው ስድቡን እንዳለ ትተው ፈገግታና ልብ ጨመሩበት። የጉግልን ፐርስፔክቲቭ ጨምሮ የታወቁ ስድብ ፈላጊዎችን በዚያ ሲፈትኗቸው በቃል የተጻፈውን ይይዙ የነበሩት በኢሞጂው ላይ ክፉኛ ተሰናከሉ። በጣም የምወደው ግን ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ሰዎችን አስቀምጠው ሞዴሉን ሆን ብለው በኢሞጂ እንዲያታልሉት አደረጉ። ያታለሉበትን ሰብስበው መልሰው አስተማሩት፤ እንደገናም አታለሉት። በሦስት ዙር 5,912 ምሳሌ ተሰበሰበ። ሞዴሉ በኢሞጂው ላይ በእጅጉ ተሻሻለ፤ የቃል ስድብ የመያዝ ችሎታውም አልወደቀም።

5,912 ምሳሌ! ይህ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቡድን የሠሩት ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ያለው ኩባንያ «ከባድ ነው» ሲለኝ እኔ የማየው አቅም ማጣትን ሳይሆን ግድ ማጣትን ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ጦጣዋን በጅምላ መከልከል አይሆንም። ዓይኗን የሸፈነችውን 🙈 ሰው ሲያፍር ይልካታል። ሙዝም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቪያሪያል ሜዳ ላይ ለዳኒ አልቬስ ሙዝ ሲወረወርለት አንስቶ በላው፤ ከዚያ ኔይማርን ጨምሮ ብዙ ሰው ከእሱ ጋር መሆኑን ለማሳየት የሙዝ ፎቶ ለጠፈ። ያን ቀን ሙዝ የሚያጠፋ ፕሮግራም ቢኖር መጀመሪያ ያጠፋ የነበረው አጋሮቹን ነው። የተከለከሉ ምልክቶች ዝርዝር ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጎሪላ በ2016፣ ኦራንጉታን በ2019 መዝገቡ ውስጥ ገብተዋል። አንዱን ስትዘጋበት ተሳዳቢው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ስለዚህ መታየት ያለበት ማን፣ ለማን፣ መቼ ላከው የሚለው ነው። ለዓመታት የሚከተለው የቡድን ጓደኛው ልደቱ ላይ 🙈 ቢልክለት ይታወቃል። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አናግረውት የማያውቁ ብዙ አካውንቶች ፔናሊቲ በሳተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያችኑ 🐒 ቢደረድሩ እሱም ይታወቃል። ኩባንያዎቹ ማን ማንን እንደሚከተል፣ መቼ እንደጻፈ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማስታወቂያ ለመሸጥ ሲሆን በዚሁ መረጃ እያንዳንዳችንን ለይተው ያውቁን የለ? የሚያጠራጥረው ጥቂቱ ለሰው ይሰጥ፤ ያውም ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው።

የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው የሜታ ተቆጣጣሪ ቦርድ ራሱ በ2025 ይህን ነግሯቸዋል። አንደኛው ከብራዚል፣ ሌላው ከአየርላንድ የሆኑ ሁለት ፖስቶች በጦጣ ኢሞጂ ጥቁሮችን ሲሰድቡ ሜታ ትቷቸው ነበር። ቦርዱ መነሳት ነበረባቸው ብሎ ወሰነ። ሞዴሎቹ የሚማሩበት ዳታም ተመርምሮ በየጊዜው የኢሞጂ ስድብ እንዲገባበት መከረ። ከዌምብሌይ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው በሩቁ ስለተመለከትኩት አይደለም። የእህቴ ልጅ አውሮፓ ነው የሚኖረው፤ 15 ዓመቱ ነው፣ በሰፈሩ የታዳጊ ቡድን ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ጎል ያገባበትን ፎቶ ለጠፈ። ሁለት ኮሜንት መጣበት። አንደኛው በዚያ አገር ቋንቋ «ጦጣ» ይላል። ሁለተኛው 🐒🐒🐒 ብቻ ነው። ሁለቱንም እኩል ሪፖርት አደረጋቸው። በቃል የተጻፈው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ጠፋ። ለሁለተኛው በማግስቱ መልስ መጣ፦ «መርምረነዋል፤ ደንባችንን የሚጥስ ነገር አላገኘንም።» ስክሪንሾቱን ላከልኝ። «አክስቴ፣ እነሱ ጋ ይሄ ምን ማለት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

በድጋሚ እንዲያዩት ጠየቀ። ያው መልስ መጣ። ከዚያ ፎቶውን ራሱ አጠፋው። ኮሜንቱ የጠፋው ያኔ ነው።