እርማት፦ በጀት መጨመር የጠፋውን ዕይታ ሁሉ አይመልስም

«ማስታወቂያችን ከፍለጋ ዕይታው 70 በመቶውን እያጣ ነው፤ መፍትሔው በጀቱን እጥፍ ማድረግ ነው።»

ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ዕይታ የሚጠፋው በሁለት ምክንያቶች፣ በበጀት ማነስ ወይም ማስታወቂያው በጨረታው በሚያገኘው ደረጃ ዝቅ ማለት፣ ሲሆን በጀት በቀጥታ የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በጎግል ማስታወቂያ የዘመቻዎች ሠንጠረዥ ላይ `Search lost IS (budget)` እና `Search lost IS (rank)` የሚሉትን ዓምዶች ጨምረው ይመልከቱ።

ከ70ው 10 በበጀት፣ 60 በማስታወቂያ ደረጃ የጠፋ ነው እንበል። በጀት ሲጨምር የሚመለሰው ቢበዛ ያ 10 ነው። በቀሪው 60 ላይ ገንዘቡ እያለ ማስታወቂያው በጨረታው ተሸንፏል፤ ያቀረቡት ዋጋ ዝቅ ብሏል፣ ወይም ማስታወቂያውና የሚወስድበት ገጽ ለፈላጊው ጥያቄ በቂ ምላሽ አልሆኑም። በጀቱን እጥፍ ያደረገ ሰው ይህን ድክመት ሳይነካው ያልፋል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ሥርዓቱ በጀቱን በሙሉ ለመጨረስ ዋጋውን ራሱ በሚወስንበት ዘመቻ፣ በጀት ሲጨምር የጨረታው ዋጋም ከፍ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የአንድ ጠቅታ ወጪ መናሩን ይከታተሉ።

የበጀቱ ዓምድ በዘመቻ ብቻ ሲታይ የደረጃው ግን በየቁልፍ ቃሉም ይታያል። ስለዚህ ብዙ የሚያጡትን ቃላት ለይተው፣ የጥራት ነጥባቸውን ከዚያው ጎን ያንብቡ።